ለሬንደር ባለሙያ ቴሲስሽን ስታስረጂ፦ ሦስት ቪው፣ አንድ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ ተዳፋት መሬት ላይ የሚያርፍ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለፍሪላንሰሩ “አምስት ሪያሊስቲክ ሬንደር እፈልጋለሁ፤ ሁለት ከውጭ፣ ሁለት ከውስጥ፣ አንድ ከላይ” ብዬ ጽፌ ሞዴሉን ላክሁለት። መልሶ ከጠየቀኝ ውስጥ ግማሹን መመለስ አቃተኝ። ደብዳቤው ምን ምን መያዝ አለበት? ቪዎቹንስ በምን ያህል ዝርዝር ልግለጽ? ፕላኑንና ሴክሽኑን አያይዣለሁ፤ እህታችሁን እርዱ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ያያያዝሽውን ፕላንና ሴክሽን በደንብ አየሁት። እኔ የምሠራው በፍሪላንሰሩ ወገን ስለሆነ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገውን ልንገርሽ፦ እያንዳንዱ ምስል ጁሪው ፊት ምን እንዲያስረዳልሽ ነው የምትፈልጊው? ይህ ካልተነገረኝ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው። ለዓይን ደስ የሚለውን ጥግ እመርጣለሁ፣ ሰፊ ሌንስ አስገባለሁ፣ ሊጠልቅ የተቃረበ ፀሐይ እጨምርበታለሁ። ምስሉ ያምራል፤ ጁሪው ግን ቴሲስሽን እዚያ ውስጥ ፈልጎ ያጣዋል።

ስለዚህ ከካሜራው በፊት የምትከራከሪበትን ነገር አውጪው። ከሥዕሎችሽ እንደገባኝ የምትዪው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስለ ብርሃን፣ አንዱ ስለ መተላለፊያ። የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

> “ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የመመረቂያ ሥራዬ ተዳፋት መሬት ላይ የሚያርፍ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። መሬቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን በ40 ሜትር ውስጥ 6 ሜትር ይወርዳል። 12 ሜትር ወርድ ያለው የንባብ አዳራሽ እያንዳንዳቸው 8 ሜትር ጥልቀት ባላቸው አምስት እርከኖች ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። በእርከኖቹ መካከል ያለው የ1.50 ሜትር ልዩነት ራሱ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሲሆን ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ጣሪያውም በዚያው ልክ እየተቆረጠ ይወርዳል፤ በየቁርጡ 1.20 ሜትር ቁመት ያለው ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት አለ። ከሕንፃው በስተምሥራቅ የላይኛውንና የታችኛውን መንገድ የሚያገናኝ 3 ሜትር ወርድ ያለው ደረጃ አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋም ክፍት ነው። ጁሪው እንዲያይልኝ የምፈልገው መደርደሪያዎቹ በሰሜን ብርሃን እንደሚበሩና ደረጃው የሁሉም መተላለፊያ እንደሆነ ነው።”

ከዚህ በላይ የቴሲስሽን ምዕራፎች አትላኪ። የጽሑፍ ዳሰሳውም ሆነ የሳይት ትንተናው ለመምህሮችሽ ነው፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ካሜራ ሳቆም የምመራበት ሐሳብ ነው።

ሁለቱ ክርክሮች ከተጻፉ በኋላ አምስቱን ቪው በእነሱ መዝኚያቸው። ከላይ የሚታየው ምስል ጣሪያውን እንጂ መደርደሪያውንም ብርሃኑንም አያሳይም፤ ደረጃውም ከዚያ ከፍታ ቀጭን መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። በዚያ ላይ ዙሪያውን ያለውን ሰፈር ሁሉ ሞዴል ማድረግ ስለሚጠይቅ ከአምስቱ ይበልጥ ሥራ የሚበላው እሱ ነው። ይቅርብሽ። የጣሪያውን አወራረድ አንቺው ራስሽ በአክሶኖሜትሪክ ዲያግራም ብታሳዪው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በእኔ ግምት ሦስት ቪው ይበቃሻል፤ አንድ የአዳራሹ፣ አንድ ሴክሽን ፐርስፔክቲቭ፣ አንድ ከታችኛው መንገድ።

ብዙ ላብራራ የምፈልገው የአዳራሹን ነው፤ ቴሲስሽን የሚሸከመው እሱ ነውና። አብዛኛው ሰው ካሜራውን የላይኛው መግቢያ ላይ ያቆማል። ገብተሽ አዳራሹ ወደ ታች ሲዘረጋ ማየት የሚማርክ ይመስላል። ወደ ሴክሽንሽ ሄደሽ ፈትኚው። ከላይኛው እርከን ጠርዝ 6 ሜትር ወደ ኋላ አንድ ሰው አቁሚ፤ የቆመ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.60 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዓይኑ ተነሥተሽ የእርከኑን ጠርዝ የሚነካ ቀጥ ያለ መስመር ስቢና ወደ ታች ቀጥዪው። መስመሩ በየ6 ሜትሩ 1.60 ሜትር ስለሚወርድ፣ 1.50 ሜትር ዝቅ ያለውን ቀጣዩን ወለል የሚነካው ከጠርዙ 5.60 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። 8 ሜትር ጥልቀት ካለው እርከን የሚታይሽ የመጨረሻው 2.40 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ እያነሱ ይሄዳሉ። መደርደሪያዎቹም ጀርባቸውን ስለሰጡሽ አንድ መጽሐፍ አታዪም። ወደ ጠርዙ ጠጋ ብትዪ ወለሉ ይከፈትልሻል፤ ግን የመጀመሪያው የጣሪያ መስኮት ከራስሽ በላይ ይሆንና ከፍሬሙ ይወጣል።

አሁን ካሜራውን ወደ ታችኛው እርከን አውርጂው። ከሰሜኑ የመስታወት ግድግዳ 1 ሜትር ገባ ብለሽ፣ ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙረሽ ቁሚ። አራቱ መደርደሪያዎች ከአንቺ በ7፣ በ15፣ በ23 እና በ31 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንቺ አዙረው አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረደራሉ። ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ከጀርባሽና ከራስሽ በላይ መጥቶ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። መስኮቶቹ ራሳቸው አይታዩም፣ ወደ ሰሜን ስለዞሩ ከዚህ የምታዪው የጣሪያውን ሆድ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት እንዳይመስልሽ። መስኮቱን ሴክሽን ፐርስፔክቲቩ ያሳየዋል፤ ይህ ምስል የመስኮቱን ውጤት ያሳያል። ሁለቱን በአንድ ካሜራ ላሳይ ካልሽ ግን ሁለቱንም ታጪያለሽ።

ሌንሱን ለመወሰን የምትፈልጊው ስሌት ቀላል ነው። ፍሬሙ በአንድ ርቀት ላይ የሚይዘው ወርድ ይህ ነው፦

```
ወርድ = ርቀት × 36 ÷ የሌንሱ ሚሊ ሜትር
```

36 የሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰር ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙዎቹ የሬንደር ሶፍትዌሮችም ሲነሡ ይህንኑ ይይዛሉ። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 7 ሜትር ላይ ያለው የመጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ፍሬሙ የሚይዘው 10.5 ሜትር ነው። አዳራሹ 12 ሜትር ስለሆነ ግራና ቀኙ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቆረጣል። በ20 ሚሊ ሜትር 12.6 ሜትር ይይዛል፤ ሁሉም ይገባል። እኔ ብሆን 24ን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው መደርደሪያ ከፍሬሙ ሲወጣ ተመልካቹ አዳራሹ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል፤ 15 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይታያል። 18 እና ከዚያ በታች ከወረድሽ የሩቁ መደርደሪያ በጣም ይርቃል፣ አዳራሹም በፕላን ላይ ካለው የረዘመ ይመስላል። ከጁሪው መካከል ፕላኑን በስኬል የሚለካ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ልዩነቱን ያገኘዋል።

የሌንስ ቁጥር ብቻ ጽፈሽ ግን አትተዪው። አንዳንዱ ሶፍትዌር የእይታውን ማዕዘን በወርድ፣ አንዳንዱ በቁመት ይለካል፤ አንቺ ጋ 24 የነበረው እኔ ጋ ሲከፈት ሌላ ምስል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የፍሬሙ ጠርዝ የት የት እንደሚያርፍ በቃል ጻፊ፣ ከሞዴሉም ያነሣሽውን ስክሪንሾት አያይዢ። ሁለቱ ካልተስማሙ ፍሪላንሰሩ ያውቃል።

ቁመቱን ደግሞ እንይ። 3 ለ 2 በሆነ ፍሬም በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚታየው ቁመት ከርቀቱ ጋር እኩል ነው፤ ግማሹ ከዓይን መስመር በላይ፣ ግማሹ በታች። ሲሰላ ከምስሉ ቁመት ከሩብ የሚበልጠው ባዶ ወለል ይሆናል፤ ከፍሬሙ ግርጌ እስከ መጀመሪያው መደርደሪያ እግር ድረስ ያለው ማለት ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ብታዘነብዪው ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይጋደማሉ፤ አታድርጊው። ካሜራው አግድም ይሁን፣ ቀጥ ያሉት መስመሮች ቀጥ ብለው ይቆዩ፣ ምስሉን 16 ለ 9 አድርጊውና የሚቀነሰው ሁሉ ከግርጌ ይቀነስ። ባለሙያው ይህን በሌንስ ሺፍት ይሠራዋል፤ አንቺ ማለት ያለብሽ “ከግርጌ ይቆረጥ” ብቻ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽን ማንም ካልጠየቀሽ ቆም ብለሽ አስቢበት። በየእርከኑ ጠርዝ ላይ የ1.50 ሜትር መውደቂያ አለ፤ ሃንድሬል ያስፈልገዋል። በሞዴልሽ ውስጥ ግን የለም። ቁመቱ 1.10 ሜትር ቢሆን፣ 7 ሜትር ላይ ያለው የመጀመሪያው ሃንድሬል ራስጌ ከታችኛው ወለል 2.60 ሜትር፣ ከዓይንሽ ደግሞ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ከዓይንሽ በዚያ ራስጌ በኩል መስመር ስበሽ እስከ 31 ሜትር ቀጥዪው፤ ከወለሉ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ማለትም በመጨረሻው መደርደሪያ አናት ላይ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት መደርደሪያዎች በሙሉ በምስሉ ላይ የሚታዩት በመጀመሪያው ሃንድሬል ውስጥ አልፈው ነው ማለት ነው። ሃንድሬሉ ድፍን ግንብ ከሆነ ቴሲስሽ ከምስሉ ይጠፋል። ፍሪላንሰሩ ዝም ብሎ ካሉት ዝግጁ ሞዴሎች መካከል የመስታወት ሃንድሬል አውጥቶ ቢያስገባ ደግሞ ካሜራው ጀርባ ያለው የሰሜን መስታወት ብሩህ ስለሆነ ነጸብራቁ መጻሕፍቱን ይሸፍናቸዋል። ጨርሶ ቢተወው የጁሪው የመጀመሪያ ጥያቄ “ልጆች ሲወድቁስ?” ይሆናል።

ይህን መወሰን የንድፍ ሥራ ነው፣ የአንቺ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የቆሙ 12 ሚሊ ሜትር ክብ የብረት ዘንጎች ብታደርጊ አንዱ ሃንድሬል ከኋላው ያለውን ከመቶ 12 ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። ቀለሙንም ከመደርደሪያው እንጨት የጠቆረ እንጂ ነጭ አታድርጊው፤ ነጭ ዘንግ ብርሃን ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጠረጴዛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ከእርከኑ ጠርዝ አጠገብ የተቀመጠ ጠረጴዛ ከዝቅተኛው ካሜራ ሲታይ ከኋላው ያለውን መደርደሪያ ይጋርዳል፤ ስለዚህ መሃሉ 3 ሜትር ያህል ነጻ መተላለፊያ ይሁን፣ ካሜራውም በዚያ መስመር ላይ ይቁም።

ስለ ብርሃን የምትጽፊው ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሬንደር ሰዎች በመስኮት የሚገባ የፀሐይ ጨረር እንወዳለን፤ የአንቺ ክርክር ግን ጨረር አይገባም የሚል ነው። ወለሉ ላይ የወደቀች አንዲት የፀሐይ ቁራጭ ክርክርሽን ታፈርሰዋለች። ስለዚህ የሳይቱን ላቲቲውድ፣ የሰሜኑን አቅጣጫ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው፣ ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን፤ የሶፍትዌሩ ፀሐይ የምትንቀሳቀሰው በእሱ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለማለት 10:00 ብለሽ ጻፊ። ዲሴምበር 21 ቀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በየትኛውም ቦታ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ በሰሜን መስኮት አትገባም። ለዚህ ምስል እሱን ውሰጂ።

ይሁን እንጂ ጁሪው ስለ ጁን ይጠይቅሻል። ከ23.4 ዲግሪ ሰሜን በላይ ከሆንሽ የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም ከደቡብ ነው። ከዚያ በታች ከሆንሽ ግን በጁን ፀሐይ በአናትሽ አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ለምሳሌ በ10 ዲግሪ ሰሜን፣ ጁን 21 ቀትር ላይ ከሰሜን በኩል በ76.6 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትቆማለች፤ 1.20 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ከእሷ ለመከለል ጣሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ማለት አለበት። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለምትል ይህ አይበቃም፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ለመከለል እንኳ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በሴክሽንሽ ላይ የጣሪያው ጠርዝ ከመስኮቱ ጋር እኩል ተቆርጧል። ሬንደሩን ከማዘዝሽ በፊት አስተካክዪው፤ ሞዴሉ ከተላከ በኋላ ከሆነ ሦስቱም ምስል ይነካል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደብዳቤው ላይ ሲያርፍ አጭር ነው፦

> “`V01_hall`። የሚያስረዳው፦ አራቱ መደርደሪያዎች በተበተነ የሰሜን ብርሃን መብራታቸውን። ካሜራ፦ ታችኛው እርከን ላይ፣ ከሰሜን መስታወት 1 ሜትር ገባ ብሎ፣ በአዳራሹ መሃል መስመር፣ ከወለሉ 1.60 ሜትር፣ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ አግድም። ሌንስ 24 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው መደርደሪያ ሁለት ጫፎች ከፍሬሙ ይወጣሉ፤ የሁለተኛው ሁለቱም ጫፍ ይታያል። የመጀመሪያው ጣሪያ ጠርዝ ከላይ ይታያል። 16 ለ 9፣ ትርፉ ከግርጌ ይቆረጥ። ዲሴምበር 21፣ 10:00፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ መብራት የጠፋ። የግድ መታየት ያለበት፦ በአራቱም መደርደሪያ ላይ መጻሕፍት፤ የሃንድሬሉ ዘንጎች። መታየት የሌለበት፦ በወለልም ሆነ በግድግዳ ላይ ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን፤ የመስታወት ሃንድሬል፤ መሃል መተላለፊያው ላይ ዕቃ። ሰዎች፦ ጥቂት፣ አብዛኞቹ ተቀምጠው የሚያነቡ፣ ግራና ቀኝ። በA1 ቦርድ ሙሉ ወርድ የሚታተም፤ 5000 በ2813 ፒክስል።”

ፒክስሉ ከየት መጣ ብትዪ፣ A1 በአግድም 841 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ሲታተም 4967 ፒክስል ይሆናል። ቦርድ የሚታየው ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት ስለሆነ 150 ይበቃል። 300 ካልሽ በሁለቱም በኩል እጥፍ ስለሚሆን የሚሰላው ፒክስል አራት እጥፍ ይሆናል፤ የምታዪው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ትንሽ ረቂቅ ሲልክልሽ የሩቁ ሃንድሬል የተበጣጠሰ ቢመስልሽ አትደንግጪ። በ5000 ፒክስል እንኳ 31 ሜትር ላይ ያለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከአንድ ፒክስል ብዙም አይበልጥም፤ በትንሹ ረቂቅ ላይ ሊቆም አይችልም። የመጨረሻው ሲመጣ ግን ያንኑ ቦታ አጉልተሽ ተመልከቺው።

ሁለተኛው፣ ሴክሽን ፐርስፔክቲቩ፣ ካሜራ የትም መቆም ስለሚችል ነጻነቱ ሰፊ ነው፤ ለዚያ ነው በደንብ መታሰር ያለበት። ሕንፃውን በአዳራሹ መሃል ከደቡብ ወደ ሰሜን ቁረጪው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተመልከቺ። የሁለቱ መንገዶች ጠርዝ ጭምር እንዲገባ 50 ሜትር ወርድ ያስፈልጋል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከቁርጡ 70 ሜትር ገደማ መራቅ ማለት ነው። ቀረብ ብሎ በሰፊ ሌንስ ከተሠራ ጫፎቹ ላይ ያሉት እርከኖች ይለጠጣሉ። የዓይኑን ከፍታ ከላይኛው እርከን ወለል 1.60 ሜትር ላይ አድርጊው። መሃል ላይ ብታደርጊው የላይኞቹ ሁለት እርከኖች ወለል ይደበቃል፤ ብርሃኑ የሚያርፍበትን ነው የምታሳዪው፣ ወለሎቹ ሁሉ መታየት አለባቸው።

> “`V02_section`። የሚያስረዳው፦ ብርሃኑ በየትኛው መስኮት ገብቶ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያርፍ። ቁርጡ፣ ካሜራውና ከፍታው በተያያዘው ፕላን ላይ ተሥሏል። ቀኑና ሰዓቱ እንደ `V01`። የተቆረጠው መሬትና ኮንክሪት አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፤ መስመሮቹን እኔ እጨምራለሁ፤ ስለዚህ ቁርጡን በተለየ ማስክ ይላኩልኝ።”

ማስኩን መጠየቅ አትርሺ። በቦርዱ ላይ የመስመር ውፍረቱን ከሌሎቹ ሴክሽኖችሽ ጋር የምታመሳስዪው በእሱ ነው።

ሦስተኛው ከታችኛው መንገድ ነው። እዚህ አንድ ችግር አለ፤ ወደ አንቺ የዞረው ፊት ሰሜናዊው ስለሆነ ለ`V01` በመረጥሽው ቀን ጥላ ውስጥ ነው፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ብሩህ ነው። ቀን ላይ ከተሠራ የፊቱ ቀለም ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ምሽቱ ግን ለክርክርሽ ራሱ ይስማማል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ ደረጃው በሰው ሲሞላ። ሕንፃውና ደረጃው አንድ ላይ 15 ሜትር ናቸው። በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ14 ሜትር ርቀት 18 ሜትር ይያዛል፤ መንገድሽ ከነእግረኛ መንገዱ 16 ሜትር ስለሆነ ካሜራው ማዶ ካለው ግድግዳ ውጭ ነው የሚቆመው። መንገዱ 10 ሜትር ቢሆን ኖሮ ይህ ቪው በእውነት ቆሞ የማይታይ በሆነ ነበር።

> “`V03_street`። የሚያስረዳው፦ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ደረጃው ክፍት መሆኑን። ካሜራ፦ ታችኛው መንገድ ማዶ፣ ከሕንፃው ፊት 14 ሜትር፣ ከመንገዱ 1.60 ሜትር፣ 28 ሚሊ ሜትር፣ አግድም። ፀሐይ ከገባች 15 ደቂቃ በኋላ። የደረጃው መብራት በርቷል፤ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት የሌሊት መብራት ብቻ። በደረጃው ላይ የሚወጡም የሚወርዱም ሰዎች፤ የላይኛው መንገድ በደረጃው መጨረሻ ላይ ይታያል። ደረጃው በር የለውም፤ እባክዎ በር አይጨምሩ።”

ከሦስቱ ቪው በኋላ አንድ አንቀጽ የሚሰጠው ገና ላልተወሰነው ነገር ነው። ተማሪዎች ይህን ይደብቃሉ፤ ጉዳቱ ግን ለእነሱ ነው። “የውጭው ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ የጠረጴዛው ዓይነት አልተወሰነም፣ ቀላልና እግሩ ቀጭን ይሁን፤ ዛፎቹን ይምረጡ፣ ከ5 ሜትር በላይ አይሁኑ” ብለሽ ከጻፍሽ የቱ የአንቺ ውሳኔ፣ የቱ የእሱ ምርጫ እንደሆነ ይለያል። ጁሪው ስለ አንድ ነገር ሲጠይቅሽም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የትምህርት ቤትሽ ደንብ የውጭ ሰው የሠራውን ሬንደር መፍቀዱን አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ከተፈቀደም ማን እንደሠራው ቦርዱ ላይ ይጻፍ።

ስለ ፋይሉ በአጭሩ። አንድ ሞዴል ብቻ ላኪ፣ በሜትር የተሠራ፣ ከመነሻ ነጥቡ ያልራቀ። ከሳይት ካርታ ጋር የመጣ ሞዴል አንዳንዴ ከዜሮው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ ያኔ ጥላዎችና ጠርዞች ይንቀጠቀጣሉ። ሦስቱን ካሜራ በስም አስቀምጪያቸው፣ ገጽታዎቹን በማቴሪያል ለይተሽ ስማቸውን ጻፊ። ከሞዴሉ ጋር ካሜራዎቹ በቀስት የተመለከቱበት አንድ የፕላን ፒዲኤፍ ይሂድ።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ አካሄዱ ይሆናል፦

> “መጀመሪያ ሦስቱንም ያለ ማቴሪያል፣ በነጭ ሞዴል ይላኩልኝ። ካሜራውን በዚያ ላይ አጸድቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ካሜራ እንዲቀየር አልጠይቅም። ቀጥሎ ባለ ቀለም ረቂቅ፣ ከዚያ የመጨረሻው። እርማቶቼን በየዙሩ በአንድ ፒዲኤፍ ላይ ምልክት አድርጌ እልካለሁ። ቦርዱ የሚታተመው በዚህ ቀን ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ምስሎች ከአራት ቀን በፊት ሊደርሱኝ ይገባል።”

ነጩ ሞዴል ሲመጣ ውበቱን አትዪ። የሃንድሬሉን ራስጌና የአራተኛውን መደርደሪያ አናት አስተያዪ፣ የመጀመሪያው መደርደሪያ ጫፎች መቆረጣቸውን እዪ፣ በካሜራው እርከን ላይ የቆሙት ሰዎች ዓይን ሁሉ በአንድ አግድም መስመር ላይ መሆኑን ፈትሺ፤ በአንቺው እርከን ላይ የቆመ አዋቂ ሰው ጭንቅላት ከአድማሱ በጣም ከራቀ ካሜራው 1.60 ላይ አይደለም። ፍሪላንሰሩ የተሻለ ጥግ አለኝ ቢል ከ“የግድ መታየት ያለበት” ዝርዝርሽ ጋር አስተያዪው። አንዱም ካልጎደለ ይሥራው፤ መደርደሪያ የሚጎድልበት ከሆነ ግን የአንቺን ካሜራ ይዞ ይቀጥል።